የምንወደውን ሰው ለምን እንፎግረዋለን?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ዋና ዋና ሐሳቦቹ በጸሐፊው በራሳቸው አነጋገር እነዚህ ናቸው፦

«ሰው በሚወደው አያሾፍም። የሚፎግራችሁ ጓደኛ የሚቀናባችሁ ጓደኛ ነው። ቅናቱን ፊት ለፊት መናገር ስለማይችል በሳቅ ጠቅልሎ ያቀብላችኋል።»

«‹ስቀልድ ነው› የሚባል ነገር የለም። ቀልዱ ውስጥ ያለው ስድብ እውነተኛ ስድብ ነው። ሳቁ ማምለጫ ነው።»

«ፉገራ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ጉልበት ያለው ጉልበት ለሌለው ቦታውን የሚያሳይበት መሣሪያ ነው።»

«የበሰለ ሰው ፍቅሩን በቀጥታ ይናገራል። ስለዚህ የሚፎግሯችሁን ሰዎች ዛሬውኑ ከሕይወታችሁ አስወጡ።»

ጽሑፉ ብዙ ሰው የነካው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀልድ ስም ሲሰበር የኖረ ሰው በየቤቱ አለ። ጸሐፊው የቆሙት ለእነዚህ ሰዎች መሆኑ ይገባኛል፤ አከብራቸዋለሁም። ግን ምክሩን የተከተለ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ክፉ ጓደኞቹን አይደለም። ከልብ የሚወዱትን ነው። ዝም ማለት ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

ከቅናቱ ልጀምር። አንድ የዘጠኝና የአሥር ወር ሕፃን አስቡ። እናቱ ጭን ላይ ተቀምጦ ማንኪያ ይዟል። ማንኪያውን ወደ እናቱ ይዘረጋል። እናት ልትቀበለው እጇን ስትሰድ ቶሎ ብሎ ወደ ራሱ ይመልሰዋል። ከዚያ ዓይኗን ያያል። ስትስቅ እሱም ይስቃል። እንደገና ይዘረጋል፣ እንደገና ይነጥቃል። ቫሱዴቪ ሬዲ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እንዲህ ያለውን የሕፃናት ነገር ለረጅም ጊዜ አጥንተዋል። ሕፃናት አፍ ሳይፈቱ፣ አንድ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሰው መፎገር ይጀምራሉ። ታዲያ ይህ ሕፃን በእናቱ የሚቀናው ምኗን ነው? ምንም። እጁን የዘረጋው እናቱ እንደማትቆጣው ስለሚያውቅ ነው። ፊቷን የሚያየውም መሳቋን ለማረጋገጥ ነው።

ነገሩ ከሰውም ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ኦራንጉታንን፣ ቺምፓንዚን፣ ቦኖቦንና ጎሪላን ተመልክቷል። ተመራማሪዎቹ 75 ሰዓት ቪዲዮ አይተው 18 ዓይነት የመፎገር ድርጊት ለይተዋል። ግልገሉ ከኋላ መጥቶ ትልቁን ነካ ያደርገዋል፤ ወይም ፀጉሩን ይጎትተዋል። ከዚያ ፊቱን ያያል። ትልቁ ዝም ካለው ይደግመዋል። አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚጀምሩት ትንንሾቹ ናቸው፤ የሚነካኩትም ትልልቆቹን ነው። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቅናት በቀልድ ልብስ አይመጣም አልልም። ይመጣል። ግን በደንብ ላስተዋለው ሰው መልኩ ይለያል። ቀናተኛ የሚነካካው ያገኘኸውን ነገር ነው፦ ሥራህን፣ ቤትህን፣ ትዳርህን። የሚወድህ ሰው የሚነካካው ጠባይህን ነው። መነጽርህን ግንባርህ ላይ አድርገህ ቤቱን ሁሉ እንደምታምስ፣ «መንገድ ላይ ነኝ» ስትል ገና ካልሲህን እየፈለግክ እንደሆነ የሚያውቅ ማን ነው? አብሮህ የኖረ፣ ዓይኑን ካንተ ላይ ያልነቀለ ሰው ነው። ጥሩ ፉገራ ብዙ ማየትን ይጠይቃል። ሰውን ደግሞ እንዲህ ተከታትሎ የሚያየው የሚወደው ነው።

ሌላም አለ። ብዙ ማኅበረሰብ ፉገራን ፈቅዶ ብቻ አልተወውም፤ ግዴታ አድርጎታል። ራድክሊፍ ብራውን የሚባሉት እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1940 ስለዚህ ጽፈዋል። በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ አንዱ ሌላውን እንዲፎግር ባህሉ ይፈቅድለታል፤ አንዳንዴም ያስገድደዋል። የተፎገረው ደግሞ እንዳይቀየም ይጠበቅበታል። በማሊ እስከ ዛሬ ትራኦሬ የሚባል ሰው ዲያራ የሚባል ሰው ሲያገኝ «አንተ ባቄላ በሊታ!» ይለዋል። ያኛውም ብድሩን ይመልሳል። ከዚህ በፊት ተያይተው ላያውቁ ይችላሉ። የቤተሰብ ስማቸው ብቻ ይበቃል። በአንድ አፍታ ባዳ የነበሩት ዘመድ ሆነው ይጫወታሉ።

በእኛም ሰርግ ይኸው አለ። ሙሽራው ሊወስዳት ሲመጣ የሴቷ ወገን በሩን ይዞ «አናስገባም» ይላል። ሚዜዎቹ በዘፈን ይሰደባሉ፤ አለባበሳቸውም መልካቸውም አይቀርላቸውም። ሁለት ቤተሰብ ሊዛመድ ነው፤ ገና አይተዋወቅም፤ በሆዱም ፍርሃት አለ። ታዲያ በዚያ ሰዓት ለምን ይሰዳደባል? ስድቡን ችሎ የሳቀ ሚዜ በሩን አልፎ ገብቶ ይበላል። የተኮሳተረ ሚዜ ደግሞ ምን ዓይነት ዘመድ እንደሚሆን ከወዲሁ ታወቀ። ፉገራ ዝምድናውን በትንሹ ይፈትነዋል። ባዳ ቢናገረው ጠብ የሚያነሳ ቃል ተወርውሮ ጠብ ካልተነሣ ሁለቱም ወገኖች አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ይህ ዝምድና ይችላል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹን ግን ጥለውታል።

ቃሉን ብቻ ብናይ ትክክል ናቸው። «አንተ ሰነፍ» የሚለው ቃል ስድብ ነው። ግን ሰው የሚሰማው ቃሉን ብቻ አይደለም። አንድ ባል እሁድ ከሰዓት ተነሥቶ ሁለት ብርጭቆ አጠበ እንበል። ሚስት ከሳሎን ብቅ ትላለች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «ክቡርነትዎ! ኧረ በቃዎት! ወገብዎን ያመዎታል!» ትለዋለች። «አንተ» ያለችው ሰውዬ በአንድ ጊዜ «እርስዎ» ሆኗል። ድምጿ ተጎትቷል። ሁለት ብርጭቆ የቀን ሥራ ያህል ገዝፏል። ይህ ሁሉ ምልክት ነው፤ ነገሩ የምር እንዳልሆነ በአሥር መንገድ እየተነገረው ነው። ባልም ከገባው «ነገ ደግሞ ሹካ ልጨምር አስቤያለሁ፣ ወይዘሮ» ብሎ ይመልሳል።

እንግዲህ ያቺው ሚስት ፊቷን ሳታዞር፣ በተለመደው ድምጿ «ሁሌም እንዲህ ነህ፣ አታግዘኝም» ብትለውስ? የሁለቱም ንግግር ጉዳይ አንድ ነው፤ ስለ ቤት ሥራ። ሁለተኛው ክስ ነው። የመጀመሪያውም ውስጥ ቅሬታ አለ፤ አልክድም። ግን ቅሬታው መፍቻውን ይዞ ነው የመጣው። ባልየው ሳያፍር ሊሰማው ይችላል። ተከሳሽ ሳይሆን ተጫዋች ሆኖ ነው የሚመልሰው።

የጸሐፊው ግማሽ እውነት የቱ ጋ ነው? ምልክቱ አንዳንዴ አይደርስም። ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት ፎጋሪና ተፎጋሪን ለየብቻ ጠይቀዋል። ፎጋሪዎቹ ደግ ሐሳባቸው ለሌላው ወለል ብሎ የሚታይ መስሏቸው ነበር። ለተፎጋሪዎቹ ግን ያን ያህል አልታያቸውም፤ ነገሩን ከፎጋሪው ይልቅ ከፋ አድርገው ነው የተቀበሉት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፎጋሪው የራሱን ልብ ያውቃል። ተፎጋሪው የሚሰማው ከአፍ የወጣውን ነው። በስልክ ጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ይብሳል፤ ድምፁም ፊቱም ቀርቶ ራቁቱን ስድቡ ብቻ ይደርሳል። በአካል ስንት ዓመት ሲፎጋገሩ የኖሩ ጓደኛሞች በአንድ መስመር ጽሑፍ ሲኳረፉ ያላየ አለ?

ስለዚህ «ስቀልድ ነው» ማለት ብቻውን ማንንም ነጻ አያወጣም። እስከዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ነገር ግን መልእክት ሳይደርስ መቅረቱና ላኪው ክፉ መሆኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እሳቸው ሁለቱን አንድ አደረጓቸው።

ከሁሉም በላይ ልመልስበት የምፈልገው ሦስተኛውን ነው። ነገሩን ገልብጠው ያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሪቻርድ ሊ የሚባሉ ካናዳዊ አንትሮፖሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በካላሃሪ በረሃ፣ በዛሬዋ ቦትስዋና፣ እያደኑና ፍራፍሬ እየለቀሙ ከሚኖሩ ጁሆአንሲ ከሚባሉ ሕዝቦች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሥራቸው ሰዎቹ ምን ያህል ምግብ እንደሚያገኙና እንደሚበሉ መመዝገብ ስለነበር ምግብ ለማንም አያካፍሉም። በድንኳናቸው ግን የወራት ቆርቆሮ ምግብ ተከምሮ ነበር። ሰዎቹ እንደ ቋጣሪ ያዩዋቸው ጀመር። ሊ ይህን ስም ለማጥፋትና ለማመስገን ለገና በዓል በሬ ሊያርዱላቸው ወሰኑ። ከሄሬሮ አርቢዎች አንድ ግዙፍ ጥቁር በሬ ገዙ፤ ክብደቱ 540 ኪሎ ገደማ። ለሁሉም ተርፎ የሚተርፍ።

ከዚያ ወሬው ተሰማ። መጀመሪያ አንዲት አሮጊት መጡ። ይህን አጥንት ነው የምታበላን? ቀንዱን ነው የምንበላው? አሉ። ቀጥሎ ሌላው መጣ፤ በሬው አርጅቷል፣ ከስቷል አለ። ሥጋው አይበቃም፣ ሰው ይጣላል፣ በዓሉ ይበላሻል ተባለ። ሊ ተጨነቁ። በዓይናቸው የሚያዩት በሬ የሰባ ነው፤ የሚሰሙት ሌላ ነው። በዓሉ ደረሰ፤ በሬው ታረደ። ደረቱ ሲሰነጠቅ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው ስብ ወጣ። ሊ «ይህ ነው ወይ ከሳ ያላችሁት?» ብለው ጮኹ። ሰዎቹ በሳቅ ወደቁ። ሁለት ቀን ሁለት ሌሊት ተበላ፣ ተጨፈረ። አንድም ሰው አልተጣላም።

ሊ ነገሩ አልገባቸው ብሎ ሲጠይቁ የተነገራቸው ይህ ነው። እነሱ ዘንድ አዳኝ ትልቅ አውሬ ገድሎ ሲመጣ እየፎከረ ወደ መንደር አይገባም። እሳት ዳር ዝም ብሎ ይቀመጣል። አንድ ሰው መጥቶ ዛሬ ምን አየህ? ብሎ እስኪጠይቀው ድረስ ይጠብቃል። ሲጠየቅም፦ እኔ ምን አዳኝ ነኝ፣ ምንም አላየሁም፣ ምናልባት አንዲት ትንሽ ነገር ይላል። ጠያቂው በሆዱ ይስቃል፤ ትልቅ ነገር እንደገደለ ገብቶታል። በማግስቱ ሥጋውን ሊሸከሙ የሄዱት ሰዎች ደግሞ፦ ለዚህ የአጥንት ክምር ነው ይህን ሁሉ መንገድ ያስኬድከን? ይሉታል። እሱም፦ እውነታችሁን ነው፣ እንተወውና እንመለስ ይላል። ከዚያ ሥጋውን ተሸክመው ይመጣሉ።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ቶማዞ የሚባል ሰው ለሊ መልሱን ነገራቸው። ወጣት ብዙ ሥጋ ሲገድል ራሱን እንደ አለቃ፣ ሌሎቻችንን እንደ አሽከር ማየት ይጀምራል። ያን አንቀበልም። ኩራቱ አንድ ቀን ሰው ያስገድለዋል። ስለዚህ ሥጋውን ሁልጊዜ እናጣጥላለን። በዚህ ልቡን እናበርድለታለን፤ ለስላሳ እናደርገዋለን። የመልሱ ሐሳብ ይህ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። እዚህ የሚፎገረው ማን ነው? ደካማው አይደለም። ባዶ እጁን የገባ አዳኝ ማንም አልሰደበውም። የተሰደበው ያበላቸው ነው። ሊም ቢሆን የተፎገሩት ቆርቆሯቸውን ዘግተው የተቀመጡ ጊዜ አይደለም፤ ትልቁን በሬ ይዘው የመጡ ጊዜ ነው። ፉገራው ወደ ላይ ነው የተወረወረው። በጥናቱ ያየናቸው ግልገሎች ትልልቆቹን ነካ ነካ የሚያደርጉትን አስታውሱ።

እዚሁ ሰፈራችንም ያው ነው። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ቆይቶ የመጣ አንድ ጓደኛችን አለ። የመጣ ቀን ከሰዓት ሁላችንም ድሮ ከምንቀመጥበት ጀበና ቡና ቤት ተሰባስበናል። እሱ ቁምጣ ለብሶ፣ ቸኮሌት በከረጢት ይዞ መጣ። ገና ከሩቅ ሲታይ አንዱ ተነሥቶ «ኧረ በርጩማውን ጥረጉ፣ ፈረንጅ መጣ!» አለ። ሌላው ለቡና አፍይዋ «ለሱ የታሸገ ውሃ ስጪው፣ የኛ ውሃ ሆዱን ያመዋል» አላት። ቸኮሌቱ ሲወጣ «ይቺን ነው እስካሁን ስትሸከም የነበረው? እኛ ቴሌቪዥን ስንጠብቅ?» ተባለ። በመጨረሻ አንዱ ጠጋ ብሎ «አንተ ዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ አራት ከመቶ ያመጣኸው ልጅ አይደለህም?» አለው። ጓደኛችን ሳይዘገይ «አራቱንም ካንተ ነው የኮረጅኳት» ብሎ መለሰ። ሳቁ ከፎቅ ተሰማ። በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቡናውንም በቤቱ ውሃ በፈላው ጠጣ።

ምን እንደተደረገ ልብ በሉ። በመጣበት ሰዓት ገንዘቡ፣ ልብሱና ሻንጣው ከእኛ በላይ አድርጎት ነበር። ማንም ይህን አልተናገረም፤ ግን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱም ያውቀዋል። ያን ርቀት በንግግር ማጥበብ አይቻልም። «ከኛ አትበልጥም» ብትለው ስድብ ነው። «ከኛ ትበልጣለህ» ብትለው ደግሞ ጓደኝነቱ አለቀ። አራት ከመቶዋ ግን ሠራችው። ወደ አንድ ክፍል፣ ወደ አንድ ወንበር መለሰችን። መልሱ ደግሞ እኔም ገና የእናንተው ነኝ ማለት ነው።

ያልተባለውንም ማየት ያስፈልጋል። እዚያ አገር ትዳሩ እንደፈረሰ ሁላችንም ሰምተናል። አንድም ሰው አልነካውም። ማንም አልተማከረም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። የሚፎገረው ክፉኛ የማያምም፣ ሰውየውም ራሱ የሚስቅበት ነገር ነው።

በተቃራኒው ሌላ ከውጭ የመጣ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ማንም አልፎገረውም። «እንኳን ደህና መጡ፣ እዚህ ይቀመጡ፣ ምን ይምጣልዎ» ተባለ። በዕድሜ እኩያችን የሆነው ሰው «እርስዎ» ተብሎ ቀረ፤ የዚያችን ብርጭቆ ያጠበው ባል ሚስት «ክቡርነትዎ» የመሰለ ጨዋታም የለበትም። ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ደግሞ አልመጣም። በጣም ተከብሯል፤ ግን ከመካከላችን ወጥቷል። ጸሐፊው ሰው የሚገፋበትን መንገድ በፉገራ ብቻ ፈለጉት። ሰውን በአክብሮትም መግፋት ይቻላል፤ እንዲያውም ከሁሉ የሚቀዘቅዘው እሱ ነው።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰውም ይህን ያውቃል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። የአንዱን ቦርጭ፣ የሌላውን መላጣ፣ የሦስተኛውን ቋጣሪነት በግጥም ያወርደዋል። ድሮ አዝማሪ በማኅበረሰቡ ዘንድ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚታየው። የሚፎግረው ደግሞ ባለገንዘቡን ነው። ባለገንዘቡም ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ሳይነካ የታለፈው ሰው ነው ቅር ብሎት የሚወጣው። በቤተ መንግሥትም አለቃ ገብረ ሐና ነበሩ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ናቸው፤ ዐፄ ምኒልክንና እቴጌ ጣይቱን ሳይቀር በቀልድ ሸንቆጥ እንዳደረጉ ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያወራል። ታሪኩ ሁሉ እንደወረደ ሆኗል አልልም። ግን ሕዝብ እነዚህን ቀልዶች ይህን ያህል ዘመን ይዞ የቆየው የሚወረወሩት ወደ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል።

ከላይ ወደ ታችም ይወርዳል፤ ይህን እቀበላለሁ። ዳከር ኬልትነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት አለ። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ማኅበር አባላትን አራት አራት አድርገው አስቀመጧቸው፤ ነባሮቹ ከአዲሶቹ ጋር ተቀላቅለው። እርስ በርስ ቅጽል ስም እንዲያወጡና ስለ ስሙ ታሪክ እንዲፈጥሩ ጠየቋቸው። ነባሮቹ ሲፎግሩ ጠንከር ይሉ ነበር። አዲሶቹ ግን ለዘብ ይሉ ነበር። ሥልጣን ያለው እጁ ይከብዳል ማለት ነው፤ እንደ ጸሐፊው። ግን አዲሶቹም እንደፎገሩ አትርሱ። ማኅበሩ ውስጥ ለአለቃው አፍ የሚከፍቱበት ሌላ ጨዋታ ስንት ነበራቸው?

ጸሐፊው የሚሉት ፉገራ በሥራ ቦታ ይታያል። አለቃው በስብሰባ መሐል የጽዳት ሠራተኛዋን በውፍረቷ ያሾፍባታል። ሠራተኛው ሁሉ አለቃው ስለሳቀ ይስቃል። እሷም ትስቃለች፤ ግን ዓይኗ መሬት ነው። እዚህ ምን ጎደለ? መልስ ጎደለ። እሷ «እርስዎስ ቦርጭዎት?» ብትል ነገ ሥራዋ የለም። ብድሩ የማይመለስ ከሆነ ጨዋታ አይደለም። በጓደኛ መሐል እንኳ ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ የሚፎገርበት ቡድን አለ፤ ተራው ለሌላ አይደርስም። ያ ሰው ጓደኛ ሆኖ አይደለም የተቀመጠው። ስለዚህ «ማን ፎገረ?» ከማለት በፊት «መመለስ ይቻላል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሰው ሊለውጠው የማይችለው ነገር፣ ለምሳሌ መንተባተብ፣ የተነካ እንደሆነ ደግሞ መልሱ ቢኖርም ቁስሉ አይድንም።

የመጨረሻውን በአጭሩ ልመልሰው። ፍቅርን በቀጥታ መናገር ጥሩ ነው። ዕድሜ ልኩን ሲፎግር ኖሮ አንድ ቀን «ኮርቼብሃለሁ» ያላለ አባት ልጁን በድሏል፤ ይህንን አልከራከርም። ግን ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት። «እወድሃለሁ» ስሜትን ይነግራል። ፉገራ «እንደዚህ እንደሆንክ አውቄህ እወድሃለሁ» ይላል፤ ጉድለቱን ከነስሙ ጠርቶ። ከላይ ያነሣሁት የ1998 ጥናት ፍቅረኛሞችንም አይቷል። በግንኙነታቸው የረኩት ጥንዶች ፉገራውን አልተዉትም። ለዘብ ያለ ነበር።

«ዛሬውኑ አስወጡ» የሚለው ግን ያሳስበኛል። አንባቢው ጓደኛው ለምን እንደፎገረው ገና አላወቀም። ማወቂያው ቀላል ነው። ያመመህን ነገር ለይተህ፣ ሁለታችሁ ብቻ ሆናችሁ፣ ሳትስቅ ንገረው፦ «ስለ ወንድሜ አትቀልድብኝ። ደስ አይለኝም።» ከዚያ ተመልከት። «አቦ አታካብድ፣ ቀልድ አታውቅም» ብሎ በማግስቱ ሰው ፊት ከደገመው ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ ተወው። ዝም ብሎ ሰምቶህ ስለ ወንድምህ ዳግመኛ ካላነሣ፣ ከዚያ ቅዳሜ ደግሞ ሸሚዝህን አይቶ «ይህን መጋረጃ ከየት ቀደድከው?» ካለህ፣ ያ ሰው ሰምቶሃል።